የአባቷ ሰዓት

አቶ አብዶ ስማርት ስልክ በያዙ ሰሞን ከስልኩ ጋር የተጣሉት በሰዓት ምክንያት ነው። ስልኩ የልጃቸው የረቢያ ነበር። እሷ ሌላ ስትገዛ አሮጌውን ለእሳቸው ሰጠቻቸው። ሽማግሌው በሮቤ ገበያ አርባ ዓመት እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ከሚዛን ጋር እንኳ ተከራክረው የሚረቱ ሰው ናቸው። በረመዳን አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አሥራ ስምንት ሰዓት ከሃያ ይላል፤» አሉ። «አሥራ ስምንት ሰዓት የሚባል ነገር ረቢ አልፈጠረም። ይኼ ዕቃ ሊያስገድፈኝ ነው።»

ረቢያ እየሳቀች ተቀበለቻቸው። ስልኩ ሰዓቱን በራሱ ከኔትዎርክ እንዲወስድ የሚያዘውን ምልክት አጠፋች፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ብላ በጣቷ ሞላችና መለሰችላቸው። «አሁን በእኛ ሰዓት ነው፣ አቦ።» ሽማግሌው ምርቃቱን አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ሶላት ሲደርስ ሰዓት የሚጠየቁት እሳቸው ሆኑ። በዚህ አገር ስንቱ ልጅ ለስንቱ አባት እንዲህ አድርጎ ሰጥቷል፤ ይህ ጥፋት ነው ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ረቢያ በሮቤው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ባሏ ለሚ አጋርፋ ያስተምራል፤ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። ልጃቸው ኪያ ሰባት ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያመማት የነበረው በሽታ ልቧን ነካው፤ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም። ከቤት እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። አያቷ «ምን ታያለሽ?» ሲሏት «ባጃጅ እየቆጠርኩ ነው፣ አካኮ» ትላለች። ደከመኝ ማለት የማትወድ ልጅ ናት።

ጎባ ያለው ሐኪም እውነቱን አልደበቀም። በሩ በቀዶ ጥገና ካልተጠገነ ልጅቷ ክረምቱን ማለፏን አይተማመንም። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሆስፒታል በዓመት ለጥቂት ድሃ ልጆች በነፃ እንደሚሠራም ለረቢያ የነገራት እሱ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። ወላጅ በስሙ መዝገብ ይከፍታል፤ ምርመራው፣ ደብዳቤው፣ መልሱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

መዝገቡን ስትከፍት የረዳት በእውቀቱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የጎጃም ሰው። የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም አላቸው መዝገቡ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ፈለገ፤ ወይ በስልክ በሚላክ መልእክት፣ ወይ ቁጥር በሚያወጣ መተግበሪያ። ያ ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዓመት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ ከውጭ የሚላክ መልእክትም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል።

«መተግበሪያው ይሻልሻል፤» አላት በእውቀቱ። «እሱ ኔትዎርክ አይለምንም።»

«ታዲያ ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል?»

«ከማንም አያመጣውም። አሁን ሆስፒታሉ አንድ ሚስጥር ይሰጥሻል። ሚስጥሩ በእነሱ ዘንድ አለ፣ በስልክሽም ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እነሱም ሰዓት ያያሉ፣ ስልክሽም ሰዓት ያያል። ሚስጥሩንና ሰዓቱን በአንድ ስሌት አስገብተው በየሠላሳ ሰከንዱ ስድስት አኃዝ ያወጣሉ። ሳይነጋገሩ አንድ ቁጥር ላይ ይገናኛሉ። አንቺ ያንን ቁጥር ስታስገቢ፣ ሚስጥሩ ያለበት ስልክ በእጅሽ መሆኑን አወቁ ማለት ነው።»

እሱ ጥንቁቅ ሰው ነው። ሚስጥሩን፣ አሥራ ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር፣ በአራት በአራት ከፍሎ የኪያ የልብ ምርመራ በገባበት ትልቅ ፖስታ ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፈላት። «ስልክሽ ቢጠፋ ይህን በሌላ ስልክ ስታስገቢ ያው ቁጥር ይወጣል። ሌላ ሰው ቢያገኘውም ይወጣለታል፤ ስለዚህ እንደ ቤት ቁልፍ ጠብቂው።» መዝገቡም በበኩሉ ለክፉ ቀን የሚሆኑ አሥር ቁጥሮች ሰጣት፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ። አትመሽ ከስልክሽ አርቀሽ አስቀምጪ ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ነበርና ረቢያ በዚያው በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው። መለዋወጫውን ቁልፍ ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት ማለት ይኸው ነው፤ ግን ያኔ ማንም ልብ አላለም።

በታኅሣሥ ለመውሊድ ወደ ሼክ ሁሴን ሄደች። ለሚ አልወደደውም ነበር። «መልስ የሚመጣበት ሰሞን ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዱአ እዚህም ይደረጋል» አላት። እሷ ግን ኪያ የታመመች ዕለት ተስላለች፤ ስለት ደግሞ ዕዳ ነው። ልጅቷን ከአያቷ ከጁሀራ ጋር ትታ፣ በጊኒር አድርጋ፣ በአቧራ ነጭ ሆና ደረሰች። ከቅጥሩ ደጃፍ ሰዉ እንደ ጎርፍ ይገፋል። እጆቿን ዘርግታ ለልጇ ለመነች። እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም። ዱአዋን ጨርሳ ቦርሳዋን ስትዳስስ ዚፑ ተከፍቷል። ስልኩ የለም።

ሰረቁትም ወደቀም፣ ያው ነው። ሦስት ሰዓት ያህል በሰው እግር ሥር ፈለገች። አንዲት ሃጂራ የምትባል ሻይ ሻጭ የራሷን ስልክ ሰጥታት ደወለች፤ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ በሦስተኛው ተዘጋ። «ለልጅሽ ነው የመጣሽው? እንግዲያ የስልኩን ተይው፤ ረቢ የወሰደውን በልጅሽ ይክስሻል» አለቻት ሃጂራ። ረቢያም ቃሉን እንደ መልካም ምልክት ወሰደችው። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ቃል ተጽናንታ ተመለሰች፤ ኋላ ላይ ይህን ስታስታውስ በራሷ ታፍራለች።

ማክሰኞ ማታ ሮቤ ገባች። ረቡዕ ጠዋት መታወቂያዋን ይዛ ቴሌ ሄደች፤ የጠፋውን ሲም አዘግታ በዚያው ቁጥር ምትክ አወጣች። አባቷ ስልካቸው ሁለት ሲም ይይዛልና፣ «እንቺ፣ እስክትገዢ በእኔ ተጠቀሚ» ብለው ሰጧት። ቤተ መጻሕፍት ገብታ ኢሜይሏን ስትከፍት፣ ኢሜይሉ እንደ ልማዱ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ላከ። በአባቷ ስልክ ላይ ደረሰ። አስገባችው፤ ተከፈተ። እንዴት ደስ አላት። መልእክቱ የሚከተለው የስልክ ቁጥሩን ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ያለው አዲሱ ሲም ላይ ነው። የጠፋው ቀፎ ብቻ ነው ብላ አሰበች።

ኢሜይሉ ውስጥ ሰኞ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ኪያ ለሚ ተመርጣለች። በጥር ወር ቀዶ ጥገና ይደረግላታል፤ ወላጅ እስከ ዓርብ የሥራ ሰዓት መውጫ ድረስ መዝገቡ ውስጥ ገብቶ መቀበሉን ያረጋግጥ፤ ካላረጋገጠ ቦታው ለተከታዩ ልጅ ይተላለፋል ይላል። ረቢያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እዚያው መጻሕፍት መደርደሪያ ሥር ሱጁድ ወረደች።

መዝገቡን ስትከፍት የይለፍ ቃሏን ተቀበለ፤ ከዚያ ስድስት አኃዝ ጠየቀ። መልእክት ጠበቀች። አልመጣም፤ አይመጣምም። ይህኛው በመተግበሪያ ነው። መተግበሪያው ሚስጥሩን ያስቀመጠው በቀፎው ውስጥ እንጂ በሲሙ ላይ አልነበረም። ሲም ቢተካ ሚስጥር አብሮ አይተካም። አሥሩ የክፉ ቀን ቁጥሮችም ፎቷቸው ያው ቀፎ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ፖስታው ትዝ አላት።

ፖስታው ፍራሽ ሥር ነበር፤ ጽሑፉም በደንብ ይነበባል። ሐሙስ ጠዋት በግቢው ዋይፋይ መተግበሪያውን በአባቷ ስልክ ላይ ጫነች፤ አሥራ ስድስቱን ምልክቶች አንድ በአንድ አስገባች። ስድስት አኃዝ ብቅ አለ፤ አጠገቡም ትንሽ ክብ እየጎደለች ሠላሳ ሰከንዱን ትቆጥራለች። ልክ በጠፋው ስልክ እንደነበረው። ረቢያ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ቁጥሩን ጻፈች።

መዝገቡ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አላት።

ዘግይቼ ይሆናል ብላ አዲሱን ቁጥር ጠበቀችና ፈጥና ጻፈች። ትክክል አይደለም። ሦስተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ ለበእውቀቱ ደወለች። እሱ ለአባቱ ተዝካር አገሩ ሄዷል፤ ከኋላው የሰው ድምፅና የዕቃ መንኳኳት ይሰማል።

«ተረጋጊ፤» አላት። «ቁልፉ በእጅሽ ካለ ሁሉም አለ። ስንት ጊዜ ሞከርሽ?»

«ሦስት።»

«አምስት ከሳትሽ ይዘጋብሻል፤ እንዳትቸኩዪ። ስልኩ ደህና ነው?»

«ትናንት የኢሜይሉን ኮድ ተቀብሎ ከፍቶልኛል። ምንም አልሆነም።»

«እሺ። ሰዓቱስ? የስልኩ ሰዓት ልክ ካልሆነ ቁጥሩ አይገናኝም። ስንት ይላል?»

ረቢያ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየች። «ሦስት ሰዓት ከሃያ።»

በእውቀቱ የራሱን ስልክ አየ። «ልክ ነው፤» አለ።

ልክ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ፊት ለፊቷ ያለው ኮምፒውተር ዘጠኝ ከሃያ ይላል፤ የአባቷ ስልክ ሦስት ከሃያ ይላል፤ የእሷ ዓይን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ይህን ስናደርግ ነው ያደግነው። ባንክ ቤት አሥር ሰዓት ሲል እናያለን፣ አራት ሰዓት ነው እንላለን፤ ማንም አልነገረንም፣ ማንም አይጠይቀንም። ከዓይናችን እስከ አፋችን ባለው መንገድ ላይ ስድስት ሰዓት ይወርዳል፤ ሲወርድ ግን አይታወቀንም።

«እንግዲህ ስህተቱ ከቁልፉ ነው፤» አለ በእውቀቱ። «በእጄ ስጽፍ አንዱን ፊደል አበላሽቼ ይሆናል። አንብቢልኝ እስቲ።» አነበበችለት። «አስታውሰዋለሁ መሰለሽ? ቆይ፤ ዜሮና አንድ በዚህ ቁልፍ ውስጥ የሉም። ክብ ያየሽው ሁሉ ኦ ነው፤ ቀጥ ያለው አይ ነው። አምስት ያልሽው ኤስ እንዳይሆን። እሱን ቀይሪው።»

ቀየረች። የተለየ ቁጥር ወጣ። ትክክል አይደለም። እንደገና ወደ አምስት መለሰች፤ ትክክል አይደለም። አምስቱ ሙከራ ሞላ። መዝገቡ ለሃያ አራት ሰዓት ተዘጋ።

ያን ቀን ለሆስፒታሉ ጻፈች። ስልኬ ጠፍቷል፣ ልጄን እቀበላለሁ፣ እባካችሁ ቦታዋን አትልቀቁ አለች። መልሱ በጨዋ ቋንቋ መጣ። ለታካሚዎች ደህንነት ሲባል በኢሜይል ማረጋገጫ አይቀበሉም፤ በኢሜይል የጻፈችው እናትየው ትሁን ሌላ ሰው በምን ያውቃሉ? መታወቂያዋንና የልጅቷን የልደት ወረቀት ትላክ፤ ተመርምሮ መዝገቡ ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈትላታል። የቀራት አንድ የሥራ ቀን ነበር። ወረቀቶቹን በዚያው ሰዓት ላከች። የጎባው ሐኪምም በበኩሉ ጻፈላት፤ እሱም ያንኑ መልስ አገኘ። እውነት ለመናገር እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በሩን የሠሩት ለሌባ ነው፤ ሌባና እናት ደግሞ ከውጭ ሲያንኳኩ ድምፃቸው አንድ ነው።

ለሚ ነገሩን በስልክ ሰማ። «አትሂጂ ብዬሽ ነበር» አላት።

«ለልጄ ነው የሄድኩት።»

«አውቃለሁ ለልጅሽ ነው። ስልኩን እንኳ ለአባትሽ ትተሽ መሄድ አቃተሽ?»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እሷም ለራሷ ያንኑ እያለች ነበር።

ማታ አባቷ መጥተው ከበሩ ቆሙ። «ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ሆነሻል ልጄ? ስልኩ አስቸገረሽ?»

«ስልኩ ምንም አላለም፣ አቦ። ቁልፉ ነው የተሳሳተው።»

«ሌላ ስልክ ይሻልሽ እንደሆን ከጎረቤት ልለምንልሽ።»

«ምን ይሠራልኛል? ቁጥሩን እያወጣ ነው እኮ፤» አለቻቸው። ኪያ ከአያቷ ኋላ ብቅ ብላ፣ «እማ፣ አውሮፕላን ላይ መስኮቱ ጋ ነው የምቀመጠው?» አለች። አንዷ አክስቷ አምልጧት ነግራታለች። ረቢያ «አዎ፣ መስኮቱ ጋ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመዝገቡ እገዳ አበቃ። ሌሊቱን ሙሉ ፖስታውን በማጉያ መነፅር ስታነብ አድራለች። ጂ የሚመስለውን ስድስት፣ ዜድ የሚመስለውን ሁለት፣ ሁሉንም ለይታ በሌላ ወረቀት ጽፋለች። አንድ ሙከራ። ትክክል አይደለም። ቢስሚላህ ብላ ሁለተኛ። ሦስተኛውን ስትጽፍ ከኋላዋ አንድ ተማሪ መጽሐፍ ሊመልስ መጥቶ «እመቤቴ» አላት፤ ዞራም አላየችው። አራተኛውንም ስትስት ለበእውቀቱ ደወለች፤ የተጠየቀው ደንበኛ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው። አንድ ቀርቷታል። እንደመጀመሪያው፣ በእውቀቱ እንደጻፈው፣ አንዲት ምልክት ሳትቀይር ቁልፉን አስገባች። ቁጥሩ ሲታደስ ጠበቀችና በመጀመሪያው ሰከንድ ጻፈችው።

መዝገቡ ለሰባ ሁለት ሰዓት ተዘጋ።

የቀረውን ቀን እንዴት እንደዋለች አታስታውስም። ማታ ያ ሰዓት ሲደርስ ግን ኪያ እግሯ ላይ ተኝታ ነበር፤ ረቢያ በልጇ ደረት ላይ እጇን አድርጋ ያቺን የምትሳሳት ልብ ታዳምጣለች። የመጨረሻው ደቂቃ እንዳለፈ የነገራት የለም። ምንም አልተሰማም። ያ ነው ያስፈራት።

ሰኞ በእውቀቱ ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳ ቤቱ ሳያደርስ ቤተ መጻሕፍት መጣ። ፖስታውን አየና «ጽሑፌ ምንም አልሆነም፤ እኔ እንደጻፍኩት ነው» አለ። ከዚያ ያንኑ ቁልፍ በራሱ ስልክ ላይ አስገባና ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በእሱ ስልክ ላይ አንድ ስድስት አኃዝ አለ፤ በአቶ አብዶ ስልክ ላይ ሌላ።

«ቁልፉ አንድ ነው፤» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቁልፍ በሁለት ስልክ ሁለት ቁጥር አያወጣም። ሰዓቱ ካልተለያየ በቀር።»

ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ስልኮቹ አናት አዩ። የእሱ ዘጠኝ ከአርባ ሁለት ይላል። የአባቷ ሦስት ከአርባ ሁለት።

ረቢያ ወዲያው ገባት። ረመዳኑ፣ የፀሐይ መጥለቂያው፣ የእሷ ሳቅ፣ ሁሉም መጣባት። ስልኩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ሲል እንደ ፈረንጅ ሌሊት ሦስት ሰዓት ነው ማለቱ ነበር። ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ሰው በተኛበት ጊዜ፣ ትክክል የነበረውን ቁጥር ሲሰጣት ኖሯል። ቁጥሮቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ጊዜያቸው ነው ያለፈው።

«የኢሜይሉ ግን ሠርቷል፤» አለች፤ ለምን ይህን እንዳለች እንጃ።

«መልእክት ሰዓት አያይም። የተላከውን ይቀበላል፣ በቃ።» በእውቀቱ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ጠየቅኩሽ እኮ። ሦስት ከሃያ አልሽኝ። እኔም የራሴን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሃያ ይላል፤ ሦስት ከሃያ ብዬ አነበብኩት። በቁጥር ንገሪኝ፣ የተጻፈውን እንዳለ ንገሪኝ አላልኩም። ሥራዬ ነው ይኼ። እንጀራዬ ነው።» ቀና ብሎም፣ «ማን ነው ሰዓቱን እንዲህ ያደረገው?» አላት።

«እኔ፤» አለች ረቢያ።

እገዳው አልቆ ስለነበር በእውቀቱ ከራሱ ስልክ ያለውን ቁጥር ጻፈ። መዝገቡ ያለ አንዳች ማንገራገር ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ውስጥ አንዲት አጭር ደብዳቤ ተቀምጣለች፤ ማረጋገጫ ስላልደረሰን ቦታው ለተከታዩ ልጅ ተሰጥቷል፤ ኪያ ለሚ ለሚቀጥለው ዙር በዝርዝሩ ላይ ትቆያለች። የሚቀጥለው ዙር ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው።

በእውቀቱ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ረቢያ የአባቷን ስልክ አነሳች። በእውቀቱ ያስተካክለዋል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን መተግበሪያውን አጠፋች፣ የራሷን ሲም አወጣች፣ ሰዓቱን ግን አልነካችም።

«እንዲህ ልትተዪው ነው?»

«ከቀየርኩት አባቴ ለምን ቀየርሽው ይሉኛል።»

ቤት ስትገባ አባቷ በር ላይ ይጠብቋታል። ተዘግቷል፣ ቦታው ለሌላ ሰው ሆኗል አለቻቸው። ቁልፉ ተሳስቶ ነው አለቻቸው። ለለሚም ያንኑ ነገረችው፤ እሱም በእውቀቱን ረገመው። በእውቀቱ ይህን ሰምቶ አንድ ቀንም አላስተባበለም።

ኪያ የሞተችው ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል፣ በጎባ መንገድ ላይ፣ በሚኒባስ ውስጥ። መስኮቱ ጋ ነበር የተቀመጠችው። በዚያው ቀን ቀበሯት። ሰው ጎርፎ መጣ፣ ዱአ አደረገ፣ ሄደ። ለሚ አጋርፋ ተመልሶ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜም መምጣት አበዛ አይባልም።

በአርባኛው ቀን አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አቶ አብዶ ስልካቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። ከዚያ ሁሉ ወሬኛ ሽማግሌ የቀሩት ሁለት የጎደጎዱ ጉንጮች ናቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤» አሏት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ለረቢ ስትዪ። ያን ጊዜ በዚህ ስልክ ነው የሞከርሽው። ያረጀ ስልክ ነው፣ እኔም ደጋግሜ ጥዬዋለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ጥፋቱ የስልኬ ይሆን?»

ረቢያ አባቷን አየቻቸው። ጣታቸው መስታወቱ ላይ ባለው ስንጥር ላይ ይመላለሳል። እውነቱን ብትነግራቸው እሷን ይቅር እንደሚሏት ታውቃለች፤ ራሳቸውን ግን እንደማይምሩ ታውቃለች። አሥራ ስምንት ሰዓት የለም ያሉባት ያቺ ማታ እስኪሞቱ ድረስ አትለቃቸውም።

«ወላሂ አቦ፣ ስልኩ ምንም ጥፋት የለበትም፤» አለች። በሐሰት መማሏ አልነበረም።

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና አዩት። «አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ አሥር ደረሰ፤» አሉ። «ሰዓቱ ልክ ነው አይደል?»

«ልክ ነው፣ አቦ።»

ለአሱር ሶላት ሊዘጋጁ ተነሱ፤ እሷም የውዱ ውሃቸውን ልታቀርብ ተከትላቸው ገባች።